ጎግል ላይ «ቀብዴን በልተው ካዱኝ፣ ሌቦች ናቸው» ብሎ ለጻፈብን እንግዳ ምን ብዬ ልመልስ? (ድሬዳዋ፣ ገስት ሃውስ)

የከዚራዋ | ጥር 6፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ከዚራ ውስጥ ዘጠኝ ክፍል ያላት ገስት ሃውስ አለችኝ። የእናቴ ቤት ነበር። ቀስ በቀስ ነው ማረፊያ ያደረግሁት፣ አሁን ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ ቁጭ ብለን የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና «አክስቴ፣ ይሄን አይተሽዋል?» አለችኝ። ጎግል ማፕ ላይ አንድ ኮከብ። ከሥሩ ደግሞ ይሄ፦

«ለቁልቢ ብዬ ኅዳር መጨረሻ ላይ 2,000 ብር ቀብድ ላክሁ። ስደርስ ገንዘብ አልደረሰንም ብለው ሙሉውን 5,000 ብር አስከፈሉኝ። ሜሴጁን እያሳየኋቸው ካዱኝ። ቀብድ የሚበሉ ሌቦች ናቸው። ገብርኤልን ሊሳለም የመጣን ሰው የሚዘርፉ። እንዳትጠጉ።»

እጄ ተንቀጠቀጠ። እንግዳ ትራስ ሥር የረሳውን የወርቅ ሐብል አዲስ አበባ ድረስ በሰው የላክሁ ሴት ነኝ እኮ። ደብተሬን አገላበጥሁ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ 2,000 የሚል ገቢ የለም። የድርጅቱን ቴሌብርም አየሁ፣ እዚያም የለም። ሰውየው ግን በእርግጥ እንግዳችን ነበር። ታኅሣሥ 18 እና 19 አድሯል፣ መልኩም አይጠፋኝም።

ይሄን ጽፌ አስቀምጫለሁ፣ ገና አልለጠፍሁትም፦

«ይህ ፍጹም ውሸት ነው። ምንም ቀብድ አልላክህም። ክፍል 4 ከአንዲት ሴት ጋር ሁለት ሌሊት አድረህ፣ በሰላም ሸኝተንህ፣ አሁን ስማችንን ማጥፋትህ ያሳፍራል። ማን እንዳስጻፈህ እናውቃለን። በሕግ እንጠይቅሃለን።»

ልለጥፈው ወይስ ላለዝበው? ለሐምሌው ቁልቢ ከአሁኑ ዋጋ የሚጠይቁ አሉ፣ እነሱም ይሄን እያነበቡ ነው። እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ፣ እንቅልፍም አይወስደኝ።

አቡ ሐቢብ ዘታይዋን | ጥር 6፣ ማታ 3፡05

አቦ እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ታይዋን ገበያ ስልክ እሸጣለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስንቴ ደርሶብኛል። መልስ ብለሽ ምን ትደክሚያለሽ? ኮመንቱን ሪፖርት አድርጊው፣ ጎግል ያነሳዋል። ከዚያ ዘመድ ወዳጁን ሰብስቢና ሃያ ሰው አምስት አምስት ኮከብ ይስጥሽ። አንዱ ኮከብ በአንድ ቀን ወደ ታች ይወርዳል፣ ማንም አያየውም። ዋላሂ እኔ እንደዚህ ነው ያደረግሁት።

ሦስተኛ ዓመት | ጥር 6፣ ማታ 3፡22

የሕግ ተማሪ ነኝ። «ሌቦች» የሚለው ቃል አስተያየት አይደለም፣ ወንጀል ፈጽመዋል የሚል ክስ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 በኢንተርኔት የሰው ስም ማጥፋትን ይቀጣል፣ አቤቱታ ማቅረብ ብቻ ነው ያለብሽ። ስለዚህ «በሕግ እንጠይቅሃለን» የምትለዋን እንዳታወጫት። ይቅርታ የሚል ቃል ደግሞ በፍጹም እንዳትጽፊ፣ ነገ ፍርድ ቤት ማመን ተደርጎ ይወሰድብሻል።

እመ ሳራ | ጥር 6፣ ማታ 3፡40

ልጄ የሰውየው ነገር ገብቶኛል። እኔም ባለፈው ዓመት መጋላ አካባቢ ላለ አናጺ ለቁም ሳጥን 6,000 ብር ቀብድ ሰጥቼ፣ ዛሬ ነገ እያለ አራት ወር አመላለሰኝ። እኔም እንዲህ ጎግል ላይ ልጽፍበት ነበር፣ ሱቁ የት ላይ እንደሚወጣ ስላጣሁት ተውሁት። እንዴት ነው የሚጻፈው? ስሙን ነው የሚፈልጉት ወይስ ቦታውን?

ባቡር ጣቢያ | ጥር 6፣ ማታ 4፡15

እህቴ፣ ያንን ጽሑፍ እንዳትለጥፊው። ስልኩን አስቀምጪና ይሄን አንብቢ። ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ቆሜአለሁ፣ ግማሹ እዚህ ድሬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ደብተርሽን አየሽ፣ የድርጅቱን ቴሌብር አየሽ። መልካም። ሰውየው ግን «ሜሴጁን አሳየኋቸው» ይላል። ውሸታም ሰው «ከፈልሁ» ብሎ ይተወዋል እንጂ ማስረጃ አሳየሁ ብሎ አይጨምርም፣ ይገለጥብኛል ብሎ ይፈራልና። እና ሜሴጁ ላይ ያለው ቁጥር የማን ነበር? ከ127 የሚመጣው መልእክት ሁለት ዓይነት ነው። ለድርጅት ኮድ ከተከፈለ የድርጅቱ ስም ይወጣል። ለሰው ከተላከ የሰውየው ስም ይወጣል፣ ስልኩም ከፊሉ ተሸፍኖ ይታያል። ከሁለቱ የትኛው ነበር? ሪሴፕሽን ላይ የነበረውን ሰው ጠይቂ። ኅዳር መጨረሻ ማታ ተረኛ ማን እንደነበርም እይ። ይሄን ሳታውቂ «ፍጹም ውሸት» ብለሽ ከለጠፍሽና ሰውየው ነገ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ከሥሩ ከጨመረበት፣ ያኔ ቤትሽ አለቀ።

ሁለተኛ፣ «ክፍል 4 ከአንዲት ሴት ጋር» ያልሽው። እህቴ፣ ይሄ ከስድቡም ይብሳል። የሚያነበው እንግዳ እኮ የሚያስበው ስለዚያ ሰው አይደለም፣ ስለራሱ ነው። «እኔም አንድ ቀን ብጣላቸው ከማን ጋር እንደመጣሁ ያወጡታል» ይላል። እሱ ራሱ ያልጻፈውን ነገር አንቺ አትጻፊ። የክፍል ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ መታወቂያ፣ አብሮት የመጣ ሰው፣ አንዱንም አትጥቀሺ። እሱ የጻፈው 2,000፣ 5,000 እና ቁልቢ ነው። አንቺም ከዚያ አትውጪ።

አቡ ሐቢብ፣ ወንድሜ፣ ሪፖርቱ አይሠራላትም። ጎግል የሚያነሳው ስድብ፣ ማስፈራሪያ፣ የግል መረጃ፣ ከቦታው ጋር የማይገናኝ ወሬ፣ ተፎካካሪ ያስጻፈውን የመሰለ ነገር ነው። «ከፈልሁ፣ አልከፈልክም» የሚል ጠብ ውስጥ አይገባም፣ ማን እውነተኛ ነው ብሎም አይዳኝም። ሃያው አምስት ኮከብ ደግሞ ክልክል ነው፣ ከታወቀ ይሰረዛል። ባይሰረዝም ሰው ቀኑን ያያል። አንድ ክስ፣ በማግስቱ ጽሑፍ የሌላቸው ሃያ ባለ አምስት ኮከብ ኮመንቶች። እንዲህ ካየሁ እኔ ራሴ ክሱን አምናለሁ።

አቡ ሐቢብ ዘታይዋን | ጥር 6፣ ማታ 4፡30

ጋሼ የኔ እኮ ተነስቶልኛል። ሰውየው እናቴን ሰድቦ ነበር የጻፈው።

ባቡር ጣቢያ | ጥር 6፣ ማታ 4፡34

ያ ስድብ ስላለበት ነው የተነሳው። የእሷ ስለ ገንዘብ ነው።

የከዚራዋ | ጥር 6፣ ማታ 4፡50

ጋሼ አመሰግናለሁ። ስለ ሴትየዋ ያልሁት በንዴት ነው፣ አሁን ሳነበው ራሴም ደነገጥሁ። ጠፍቷል። ግን ኮመንቱ እንዲሁ መልስ አጥቶ ሊያድር ነው? እያንዳንዷ ሰዓት ትቆጠርብኛለች።

ባቡር ጣቢያ | ጥር 6፣ ማታ 5፡02

ሌሊቱን ይደር። ነገ ጠዋት ሁለት መስመር ብቻ ለጥፊ፦ «መልእክትዎን አንብበነዋል። የክፍያውን መዝገብ እያጣራን ነው፣ እስከ ጥር 10 ያገኘነውን እዚሁ እንጽፋለን።» ሌላ ነገር አትጨምሪ። ለአንድ ኮመንት አንድ መልስ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ያንኑ መልስ ግን በኋላ ገብተሽ ማስተካከል ትችያለሽ። ስለዚህ ይሄ ቦታ መያዣ ነው። ቀኑን የጻፍሽው ለሰውየውም ለአንባቢውም ቃል ስለሆነ፣ ጥር 10 ካለፈ ግን ባትጽፊው ይሻል ነበር።

ተሳላሚ ከአዲስ | ጥር 7፣ ጠዋት 1፡20

እኔ ነጋዴ አይደለሁም፣ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19ን ለመሳለም የምመጣ ሰው ነኝ። ማረፊያ ስፈልግ አምስት ኮከቡን አላነብም፣ መጀመሪያ የማወጣው አንድ ኮከቡን ነው። ከዚያ ባለቤቱ ምን ብሎ እንደመለሰ አያለሁ። ዓምና አንድ ቤት ላይ «ቆሻሻ ነው» ለሚል ሰው «አንተ ነህ ቆሻሻ» ብለው መልሰው አየሁና ስልካቸውን ዘጋሁት። ሌላው ቤት ደግሞ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚመልሰው፣ «ውድ ደንበኛችን ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ይላል፣ ገንዘቤ ጠፋ ላለውም እንደዚያው። ያም አልጣመኝም። እህቴ፣ እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የኔ ቀብድ ቢጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?

የከዚራዋ | ጥር 8፣ ከሰዓት 9፡10

እናንተ ሰዎች፣ ወሬ አለኝ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ሁለቱን መስመር ጋሼ እንዳሉት ትናንት ለጠፍሁ። ከዚያ የኅዳርን የተራ ወረቀት አወጣሁ። ኅዳር 30 ማታ ተረኛው ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት የሠራ ልጅ ነው። ጠራሁትና «ለቁልቢ ቀብድ በአንተ ቁጥር የተቀበልክበት ጊዜ አለ?» አልሁት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «አዎ፣ አንዴ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድርጅቱ ኮድ የተጻፈበት ካርድ ከገንዘብ መያዣው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መሳቢያው ማታ ይቆለፋል፣ ቁልፉን ካሸሯ ይዛ ትሄዳለች። ሰውየው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደውሎ «ክፍሉ እንዳያመልጠኝ አሁኑኑ ልላክ» ሲለው ልጁ የራሱን ቁጥር ሰጠው። ስልኩን አምጣ አልሁት፣ የ127ቱን መልእክት አሳየኝ። ኅዳር 30፣ 2,000 ብር። ቁጭ ብዬ አየሁት።

በማግስቱ ጠዋት ጥሬ ብር አድርጌ ለካሸሯ ሰጥቻለሁ ይላል። ካሸሯ አልተቀበልሁም ትላለች። ሁለቱም ሲያለቅሱ ነው ያመሹት። የታኅሣሥ 1 ሂሳብ ላይ ትርፍ ገንዘብ የለም።

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሰውየው ታኅሣሥ 18 ሲደርስ መልእክቱን በእርግጥ አሳይቷል። የቀን ሪሴፕሽኗ አይታው «ይሄ የእኛ ቁጥር አይደለም» ብላዋለች። እውነቷን ነው፣ የድርጅቱ ቁጥር አይደለም። ግን ስሙን አንብባ «ይሄ የእኛ ሠራተኛ ነው» ማለት ስትችል አላለችም። ከውጭ ሰልፍ ነበር፣ ሁሉም ክፍል ተይዟል፣ ሌላ ሰው በር ላይ ቆሟል። ሰውየው 5,000ውን ከፍሎ ገባ። በጠቅላላው 7,000 አውጥቷል ማለት ነው።

እና አሁን እኔ ምን ልጽፍ? ሌባ አይደለሁም። ግን ብሩ በእኛ ቤት ነው የጠፋው።

ሦስተኛ ዓመት | ጥር 8፣ ከሰዓት 9፡45

እህቴ፣ ይሄን ስላወጣሽው አከበርሁሽ። የክሱን ነገር ትቼዋለሁ፣ ሰውየው መሠረት አለው። ነገር ግን ሌላ አንቀጽ ትዝ አለኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ስለዚህ 4,000 ነው የምትመልሺው። ካልሆነ ሰውየው ጠበቃ ቢይዝ ትሸነፊያለሽ።

ባቡር ጣቢያ | ጥር 8፣ ከሰዓት 10፡20

ልጄ፣ አንቀጹ አለ፣ ግን ውሉ አልፈረሰም። ክፍል ተይዞለት ነበር፣ ገብቶ ሁለት ሌሊት አድሯል። እዚህ የተፈጠረው ድርብ ክፍያ ነው። የሚመለሰው ያለ አግባብ የተወሰደው 2,000 ነው። ክፍሉን ለሌላ ሰጥተውበት ሜዳ ላይ ቢያድር ኖሮ የአንተ እጥፍ ይመጣ ነበር። እሷ ከልቧ መጨመር ከፈለገች ትጨምር፣ ግን ሕጉ ነው ብላ አትጻፈው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ቅደም ተከተሉን ልንገርሽ፣ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። መጀመሪያ ጎግል ላይ አትጻፊ። መጀመሪያ ደውዪለት። ስልኩ የእንግዳ መዝገብሽ ላይ አለ። አንዴ ብቻ ደውዪ፣ ቀን ላይ። ካላነሳ አንድ መልእክት ላኪና ተዪው። ደጋግመሽ ከደወልሽ «እያስፈራሩኝ ነው» ብሎ ይጨምርበታል።

ስትደውዪ ስለ ኮመንቱ እንዳታነሺ። ስለ ገንዘቡ ብቻ ተናገሪ። «አጣራን፣ እርስዎ ልክ ነዎት፣ ብርዎን የት እንላክልዎ?» ይበቃል። ኮመንቱን ካጠፋህ እልክልሃለሁ የሚል ነገር በአፍሽ እንዳይዞር። አንደኛ፣ ገንዘብ ወይም ቅናሽ ሰጥቶ ኮመንት ማስጠፋትና ማስቀየር ጎግል ይከለክላል። ሁለተኛ፣ ሰውየው ይሄንንም ይጽፈዋል፣ መብቱም ነው። ዕዳሽን እየከፈልሽ ነው እንጂ ዝምታ እየገዛሽ አይደለም።

ብሩ ከድርጅቱ ሂሳብ ይውጣ፣ ከልጁ ስልክ አይሁን፣ ከአንቺም የግል ስልክ አይሁን። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ «የቀብድ ተመላሽ» በዪበት። ደረሰኙን አስቀምጪው፣ ግን ፎቶ አንስተሽ ጎግል ላይ እንዳትለጥፊው። የሰውየው ስም አለበት።

አቡ ሐቢብ ዘታይዋን | ጥር 8፣ ከሰዓት 10፡41

ልጁን ካባረርሽው በኋላ «ጥፋተኛውን ሠራተኛ አባርረናል» ብለሽ ጻፊ። ሰው ያንን ነው ማየት የሚፈልገው። ስምሽ ይጸዳል አቦ።

ተሳላሚ ከአዲስ | ጥር 8፣ ማታ 12፡15

እኔ ያንን ማየት አልፈልግም። ከውጭ ሆኜ ሳየው ሠራተኛውም ቤቱም አንድ ናቸው። «ሠራተኛችን ነው ያጠፋው» ሲሉኝ እያመለጡ ይመስለኛል። ደግሞ ልጁ ሰጥቻለሁ እያለ አይደል? ማን ያውቃል።

ባቡር ጣቢያ | ጥር 8፣ ማታ 12፡40

ትክክል ነህ። ልጁ ሰጥቶም ሊሆን ይችላል፣ ሳይሰጥም። ይሄ ገና ያልለየለት የቤት ጉዳይ ነው። ጎግል ላይ ልጁን ሌባ ካደረግሽው፣ ሰውየው አንቺን ያደረገሽን አንቺ በልጁ ላይ ደገምሽው ማለት ነው።

የከዚራዋ | ጥር 9፣ ጠዋት 4፡30

ደወልሁ። አነሳ። «አላምናችሁም» አለ መጀመሪያ። እኔም «አይመኑኝ፣ ቁጥሩን ብቻ ያረጋግጡልኝ» አልሁት። ሞባይሉ ያው መሆኑን ነገረኝ፣ ከድርጅቱ ሂሳብ 2,000 ብር ላክሁለት። እስኪደርሰው ስልኩን አልዘጋሁም። «ደርሷል» አለ። ትንሽ ዝም አለና «እኔን ያናደደኝ ብሩ አይደለም። ልጅቷ ሜሴጁን እያየች አይኔን አላየችኝም። ባለቤቴ ፊት አሳፈረችኝ» አለኝ። አብራው የነበረችው ባለቤቱ ነበረች። ያንን ጽሑፍ ለጥፌው ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስበው አሁንም ሆዴን ይቆርጠኛል።

አሁን ለጎግሉ ይሄን ጻፍሁ፣ እዩልኝ፦

«ውድ ደንበኛችን፣ በተፈጠረው አለመግባባት እናዝናለን። ጉዳዩ በቴክኒክ ችግር የተፈጠረ ሲሆን በመግባባት ተፈቷል። ሁሌም ለእርስዎ እርካታ እንተጋለን።»

ተሳላሚ ከአዲስ | ጥር 9፣ ጠዋት 4፡44

እህቴ አታስቀይሚኝ። ስልክ ላይ እንደዚያ ቀጥ ብለሽ አናግረሽው እዚህ ለምን ትሸሺያለሽ? «አለመግባባት» ምንድን ነው? ብሩ ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም? «የቴክኒክ ችግር» ደግሞ ለሁሉም ነገር የሚባል ነው፣ ማንም አያምነውም።

ባቡር ጣቢያ | ጥር 9፣ ጠዋት 5፡10

እኔም እንደ እሱ ነኝ። ይሄ መልስ ክሱን እንዳለ ይተወዋል። ሰውየው ብሩን፣ ቀኑንና መልእክቱን ጠቅሶ ከስሷል፣ አንቺ ግን ለአንዱም አልመለስሽለትም። አንባቢው ሁለቱን ጎን ለጎን ያያቸዋል። በዝርዝር የጻፈው ሰው ይታመናል።

አራት ነገር ይኑረው፣ በአጭሩ። ምን እንዳገኛችሁ። የእናንተ ጥፋት የቱ እንደሆነ። ምን እንዳደረጋችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቀብድ በየት በኩል እንደሚገባ። «ሌቦች» ለሚለው ቃል መልስ አትስጪ። «እኛ ሌቦች አይደለንም» ስትዪ ቃሉን አንቺ ራስሽ ደገምሽው። ገንዘቡ መመለሱን ጻፊ፣ ቃሉ በዚያ ይሟሟል።

ሦስተኛ ዓመት | ጥር 9፣ ጠዋት 5፡25

አሁንም «ጥፋቱ የእኛ ነው» የሚለው ላይ አልስማማም። «እናዝናለን» ይበቃል። ጥፋትን በጽሑፍ ማመን ሌላ ነገር ነው።

ባቡር ጣቢያ | ጥር 9፣ ጠዋት 5፡38

ብሩ ባይመለስ ኖሮ እሰማህ ነበር። ተመልሷል፣ ክርክር የሚነሳበት ገንዘብ የለም። ያረጋገጠችውን ብቻ ታምን፣ ያላረጋገጠችውን አትመን። መልእክቱን አይተው አለማጣራታቸው የተረጋገጠ ነው። ገንዘቡ ከልጁ በኋላ የት እንደገባ ግን አልተረጋገጠም፣ እሱን አትንካው። በዚህ ላይ መለያየታችን ግን ይኑር፣ አንተም የምታስበው አለህ።

የከዚራዋ | ጥር 9፣ ከሰዓት 8፡15

ይሄን ለጠፍሁ። የመጀመሪያውን ሁለት መስመር ገብቼ በዚህ ተካሁት፦

«ጤና ይስጥልን። የጻፉትን አጣርተናል። ለቁልቢ የላኩት 2,000 ብር ከእኛ ዘንድ በተሰጥዎ ቁጥር መግባቱን አረጋግጠናል። የድርጅቱ ሂሳብ ውስጥ ስላልተመዘገበ ሙሉውን ዋጋ በድጋሚ አስከፍለንዎታል። መልእክቱን ሲያሳዩን ቁጥሩ የማን እንደሆነ ማየት ነበረብን፣ አላየንም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፣ እርስዎንና አብረውዎት የነበሩትን ይቅርታ እንጠይቃለን። 2,000 ብሩን ጥር 9 ከድርጅቱ ሂሳብ መልሰናል። ከዛሬ ጀምሮ ቀብድ የምንቀበለው በቤቱ ስም በተከፈተው ኮድ ብቻ ነው፣ ኮዱም ማታም ቀንም ሪሴፕሽኑ ላይ ተለጥፏል። ቀብድ ለላከ እንግዳ ሁሉ የመዝገብ ቁጥር እንልካለን። ቁጥሩ ያልደረሰው ሰው በዚህ ገጽ ላይ ባለው ስልክ ደውሎ ባለቤቷን ይጠይቅ። የቤቱ ባለቤት።»

ባቡር ጣቢያ | ጥር 9፣ ከሰዓት 8፡50

ጎበዝ። አንድ ነገር ብቻ። «አብረውዎት የነበሩትን» የሚለውን አውጪው። ማን እንደነበር ባትዪም፣ ሰው ከእሱ ጋር እንደነበረ ተናገርሽ። እሱ አልጻፈውም።

የከዚራዋ | ጥር 9፣ ከሰዓት 8፡58

አወጣሁት። ልቤ ስለነካኝ ነበር።

እመ ሳራ | ጥር 9፣ ማታ 1፡30

ልጄ እግዜር ይስጥሽ። እንዳንቺ ያለ አናጺ ቢገጥመኝ። ግን ማንም አልመለሰልኝም፣ እኔ የት ላይ ነው የምጽፈው?

ተሳላሚ ከአዲስ | ጥር 9፣ ማታ 1፡47

እማማ፣ ጎግል ማፕ ላይ ሱቁ ያለበትን ቦታ አቅርበው ይዩ፣ ስሙ ከወጣ ይጫኑት፣ ከታች ኮከቦች አሉ። ካልወጣ አልተመዘገበ ይሆናል። ግን ከመጻፍዎ በፊት ሄደው አንዴ በሰው ፊት ይጠይቁት። የቀብዱ ደረሰኝ አለዎት?

እመ ሳራ | ጥር 9፣ ማታ 2፡05

የለኝም ልጄ። በእጄ ነው የሰጠሁት። ጎረቤቴ ግን አይታለች።

የከዚራዋ | ጥር 17፣ ከሰዓት 10፡00

የቀረውን ልንገራችሁ። ሰውየው ከሦስት ቀን በኋላ ኮመንቱን አስተካከለው። አላጠፋውም። አንዱ ኮከብ ሦስት ሆኗል፣ «ሌቦች» የሚለው ወጥቷል። የመጀመሪያው ታሪክ እንዳለ ነው፣ ከታች «በኋላ ባለቤቷ ደውላ ብሬን መልሳልኛለች» ብሎ ጨምሯል። አልጠየቅሁትም። መጀመሪያ ላይ ሦስት ኮከብ መሆኑ ቅር ብሎኝ ነበር። ትናንት ግን ከአዳማ የደወለች ሴት «ያንን ያነበብሁት ቤት ናችሁ አይደል? ቁጥሩን ላኩልኝ» ብላ ለሐምሌ 18 እና 19 ቀብድ ልካለች። የመዝገብ ቁጥሯን ወዲያው ላክሁላት።

ሪሴፕሽኗን ቁጭ አድርጌ አነጋግሬአታለሁ። መልእክት ይዞ የመጣ እንግዳ ካለ መጀመሪያ ስሙ ይነበብ፣ ገንዘቡ ካልተገኘም እንግዳው ሳይከፍል ክፍሉ ይሰጠው፣ ሂሳቡ ጠዋት ከእኔ ጋር ይሁን ብያታለሁ። ለቁልቢ ሳምንት ይሄ እንዴት እንደሚሠራ ገና አላውቅም። ዘጠኝ ክፍል ይዤ አንድ ሰው የውሸት መልእክት ይዞ ቢመጣስ? ጋሼ፣ እዚህ ላይ ሐሳብ ካለዎት ቢነግሩኝ።

የልጁና የካሸሯ ነገር ግን እንዳለ ነው። ሁለቱም በየቃላቸው ጸንተዋል። 2,000ውን ከቤቱ ነው የከፈልሁት፣ ከማንም ደመወዝ አልቆረጥሁም። ልጁ ማታ ተራ ላይ የለም፣ ቀን ላይ አድርጌዋለሁ። ፊቴን ሲያይ ይሸማቀቃል። እኔም እሱን ሳይ እንደዚያው ነኝ።

ባቡር ጣቢያ | ጥር 17፣ ማታ 12፡30

የውሸት መልእክት ያልሽው አለ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ጽሑፉን አስመስለው የሚመጡ አሉ። መልእክቱን አትመኚ፣ የግብይት ቁጥሩን ተቀብለሽ በድርጅቱ ሂሳብ ውስጥ ፈልጊው። ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ቁልቢ ሳምንት ላይ አንድ ሰው ይሄን ብቻ የሚሠራ መድቢ። ሌላውን ነገር ደግሞ በስልክ እንነጋገር፣ የልጁን ጉዳይ እዚህ አናብዛው።

የከዚራዋ | ጥር 17፣ ማታ 12፡41

እሺ ጋሼ። ነገ ከሰዓት እደውላለሁ።